ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄንና ርክክብን ይመለከታል

ለ፦ ወ/ሮ ሰናይት፣ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለሽያጭና ለመጋዘን ባልደረቦች በሙሉ
ቀን፦ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወ/ሮ ሰናይት፣ እንዲሁም ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ወ/ሮ ሰናይት፣ ዓርብ ከሰዓት ቢሮዎ መጥቼ በቃል የነገርኩዎትን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ዱባይ የሚገኝ አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ቀጥሮኛል። ስለዚህ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ እየሰጠሁ ሥራዬን መልቀቄን አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል።

የቅጥር ደብዳቤው የደረሰኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ወዲያው ያልተናገርኩት ደብቄ አይደለም። ሰኔ 30 የዘጋነውን ሂሳብ ለገቢዎች ሳናሳውቅ፣ ማህሌትን ለብቻዋ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ቆይቼ እንድመጣ ጠየቅኳቸው፣ እሺ አሉ። የዓመቱን ግብር ሐሙስ ዕለት አስገባን። የመጨረሻው ቀን ትናንት፣ ጥቅምት 30 ነበር። ዛሬ ኅዳር 1 ነው፤ እኔም ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ዓርብ ዕለት፣ ወ/ሮ ሰናይት፣ “ብሩ ነው ወይ?” ብለው ጠይቀውኝ በቅጡ አልመለስኩልዎትም። ብር ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ብር አይደለም ብልም ውሸት ነው። ታናሽ ወንድሜ ገና ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነው፣ የቤት ኪራይም ታውቃላችሁ። ግን ሰባት ዓመት የአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ከያዝኩ በኋላ ሌላ ዓይነት መዝገብ ማየትም አምሮኛል። ይህ ኢሜይል ደመወዝ ለማስጨመር የተጻፈ አይደለም። ጨምረው ለማስቀረት ካሰቡ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ውሳኔዬ ግን አይለወጥም። ጭማሪው ለማህሌት ቢሆን ደስ ይለኛል። (ማህሌት፣ ይህን ጻፊልኝ አላለችም፤ ሳታውቅ ነው።)

አሁን ምስጋናዬን ልናገር።

በ2011 ዓ.ም. ስቀጠር ቱሉ ዲምቱን የማውቀው ወደ አዳማ ስናልፍ በመኪና መስኮት ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከአስፋልቱ እስከ ፋብሪካው በር ያለው ጭቃ አንድ ጫማዬን አስቀርቶብኛል። የጥበቃው አባባ በዱላቸው አውጥተው፣ በውኃ አጥበው፣ ሂሳብ ክፍል ድረስ አመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦት ጫማ ከጠረጴዛዬ ሥር አይጠፋም። እሱም ርክክቡ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ 38 ነው፣ የሚሆነው ይውሰደው።

ጋሽ ታደሰ፣ የእርስዎን ውለታ በምን ቋንቋ ልጻፈው? በገባሁ በሦስተኛው ወር የባንክ ማስታረቂያ 2,700 ብር አልገጥም አለኝ። ሦስት ቀን ፈለግኩት። ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ከካሸር መስኮቱ ኋላ ሆነው መነጽርዎን ዝቅ አደረጉና “ልጄ፣ እስቲ ለ9 አካፍይው” አሉኝ። አካፈልኩት። ልክ 300 መጣ፣ ቀሪ የለውም። “በይ ቁጥር አገላብጠሻል ማለት ነው” አሉ። እውነትም የ17,400 ብር ቼክ 14,700 ብዬ መዝግቤው ኖሯል። ሁለት አኃዝ ቦታ ከተለዋወጠ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል። ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዱባይም ይዤው እሄዳለሁ።

ዮናስና የመጋዘን ልጆች፣ በቆጠራ ሰሞን ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ጥቅል ወረቀቱን በኪሎ ነው በሜትር የምንቆጥረው ብለን እስከ ሌሊት የተከራከርንበትን ሰኔ አልረሳውም። እውነቱን ልናገር፤ እናንተ ትክክል ነበራችሁ። እትዬ አስካለ፣ አራት ሰዓት ላይ ቡናዎ ባይደርስ ኖሮ ይህ ክፍል ስንት ስህተት ይሠራ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ወ/ሮ ሰናይት፣ እርስዎ ደግሞ ስሳሳት በሰው ፊት ተናግረውኝ አያውቁም። በር ዘግተው ነው የሚቆጡት። አመሰግናለሁ።

ወደ ርክክቡ ልለፍ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከማህሌት ጋር አብረን እንቀመጣለን። የጥቅምት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የዊዝሆልዲንግና የደመወዝ ግብር ማሳወቂያ እስከ ኅዳር 30 ስለሆነ፣ ኪቦርዱን እሷ ትይዛለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የኅዳርን ለብቻዋ ትሠራዋለች። ትችላለች። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት።

ደመወዙ `Payroll_2018.xlsx` የሚለው ፋይል ላይ ነው። በዚያው ፎልደር ውስጥ አሮጌው ፋይልም አለ፣ እንዳታምታቱት። አሮጌው ከግብር ነፃ የሚያደርገው 600 ብር ድረስ ነው፤ አዲሱ እስከ 2,000 ብር ድረስ ነፃ ያደርጋል። ጡረታው እንዳለ ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። አሮጌውን ፋይል አላጠፋሁትም፣ ኦዲተር ሊጠይቀው ይችላል።

ፒችትሪው በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ ባክአፕ ይደረጋል። አንዱ ፍላሽ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ወ/ሮ ሰናይት ጋ ነው። እባካችሁ ይህን ነገር ቀልድ አታድርጉት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባለችው ደቂቃ ስንት ፋይል እንደተበላሸብን ታስታውሳላችሁ። ፓስወርዶቹን እዚህ አልጽፍም፤ በታሸገ ፖስታ ለወ/ሮ ሰናይት አስረክባለሁ፣ በወጣሁ ማግስትም ይቀየሩ።

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልድገም፣ ስለሰለቻችሁ ይቅርታ። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ወረቀቱ ሙቀት አይወድም። አምና ኦዲተሩ የጄኔሬተር ናፍጣ ደረሰኞችን ሲጠይቀኝ ፋይሉን ከፈትኩት። መስኮቱ ሥር የነበረው መደርደሪያ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። ብርሃን ላይ አድርጌ ባየው፣ ባገላብጠው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ወጪው ውድቅ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መደርደሪያውን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደረሰኙ በገባ ቀን ፎቶኮፒ ተደርጎ ከኋላው ይያያዛል። ኮፒ ማሽኑ ቀለም ጨርሷል ተብሎ “ነገ” አይባልም።

ያልተዘጉ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሁለት ቼኮች ባንክ ቀርበው አልተመነዘሩም፤ ቁጥራቸው ማስታረቂያው ላይ ተጽፏል። የታሸገ ውኃ የሚያመርተው ደንበኛችን ከመስከረም ጀምሮ 412,600 ብር ይቀርበታል። ሲደውሉለት “ነገ ነው የማስገባው” ይላል፤ የሱ ነገ ሁለት ሳምንት ነው። ዮናስ ራሱ ቢሄድ ይሻላል፣ በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸጠው ቁርጥራጭ ካርቶን ሲመዘን ደግሞ ከሂሳብ ክፍል አንድ ሰው ሚዛኑ ጋ ይቁም፣ ደረሰኙም እዚያው ይቆረጥ። ማንንም ተጠራጥሬ አይደለም። በእጅ የሚከፈል ብር ባለበት ሁሉ ሁለት ሰው መኖሩ ለሁለቱም ይበጃል።

ከሰው ኃይል አስተዳደር የምጠይቀው ሦስት ነገር አለኝ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍልኝ። ከተቻለ እስከ ኅዳር 15 ቢደርስልኝ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲ የማስረጋገጥ ጣጣ አለብኝ። ያልተጠቀምኩበት የ9 ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ ለርክክቡ ስል አልወጣም፣ ከመጨረሻው ደመወዜ ጋር ይታሰብልኝ። የክሊራንስ ቅጹንም ከአሁኑ ብትሰጡኝ ከክፍል ክፍል መዞሩን ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ።

ከሄድኩ በኋላም ስልኬን አልዘጋም። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እኔ ስላስገባሁት ቁጥር ጥያቄ ከመጣ፣ ኦዲተሩም ቢሆን፣ በቴሌግራም ጻፉልኝ። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ትቀድማለች፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የድሮውን ማስረዳት የእኔ ነው። አዲሱን መመዝገብ ግን የማህሌት ነው፣ እዚያ ውስጥ እጄን አላስገባም።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም በሆዳችሁ ወደያዛችሁት ጉዳይ ልምጣ። እቁቡ! አዎ፣ ዕጣዬ ሰኔ ላይ ወጥቶልኛል፣ 48,000 ብሩንም ተቀብያለሁ። ስምንት ዙር ይቀረኛል። እቁብ በልታ ዱባይ ገባች እንዳትሉኝ፣ የስምንቱንም ዙር 16,000 ብር ቅዳሜ ዕለት ለዳኛችን ለዮናስ አስረክቤያለሁ። ደብተሩ ላይ ፈርሟል። ዋሴ የነበሩት እትዬ አስካለ ከእንግዲህ በእኔ ነገር እንቅልፍ አያጡም። የእቁቡ ጸሐፊ ግን እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው መምረጥ አለባችሁ። ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ምረጡ፤ ዮናስ፣ አንተን ማለቴ አይደለም።

ዓርብ ኅዳር 26 በምሳ ሰዓት ሁላችሁንም ምሳ እጋብዛለሁ። የጾም ወቅት ስለሆነ በያይነቱ ነው፤ ለማይጾሙም ያው በያይነቱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

ሕይወት
ሂሳብ ክፍል

ተጨማሪ፦ ጋሽ ታደሰ፣ ካልኩሌተርዎ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ተውሼ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ዛሬ ከቡና በፊት አመጣልዎታለሁ።