የሥራ ርክክብ ሰነድ፦ የቡና ጥራትና መጋዘን ቡድን

ጅማ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የቡና ጥራትና መጋዘን ቡድን አዲስ መሪ
ከ፦ የቡድኑ ተሰናባች መሪ
ግልባጭ፦ ለዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ለሰው ሀብት፣ ለውስጥ ኦዲት፣ ለግብይት ክፍል

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ስመራው የቆየሁትን ቡድን ለእርስዎ አስረክቤ ከመስከረም 20 ጀምሮ በግብይት ክፍል ሥራ እጀምራለሁ። ቁልፍ፣ ሚዛንና የላቦራቶሪ ዕቃ በንብረት መረካከቢያ ቅጹ ላይ አንድ በአንድ ሰፍረዋል። እዚህ የጻፍኩት በቅጹ ላይ ቦታ የሌላቸውን ነው። ያልተቋጩትን ያስቀደምኩት ጥቅምት ከገባ በኋላ ተቀምጦ ለማንበብ ጊዜ ስለማይገኝ ነው።

1. ያልተቋጩ ጉዳዮች

ከሁሉም የሚቀድመው ከገራ በኩል ያለ አንድ አባል ማኅበር በነሐሴ ወር ያስገባው አቤቱታ ነው። ማኅበሩ ሰኔ ላይ ያመጣው ጀንፈል እርጥበቱ 12.8 በመቶ ሆኖ ተመዝግቦ ከሂሳቡ ተቀንሶበታል። ማኅበሩ ደግሞ «እኛ ስንጭነው 11.5 ነበር» ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናው በዝናብ ነው የገባው፣ ሸራውም በአንድ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ይህ በዕለቱ መዝገብ የአስተያየት ዓምድ ላይ ተጽፏል። ለማመሳከሪያ የተቀመጠው ናሙና በመደርደሪያው ሁለተኛ ረድፍ፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ አለ። የማኅበሩ ተወካዮች ባሉበት በምድጃ ዘዴ፣ በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሳኔው ላይ እኔ መቀመጥ የለብኝም፤ ቅነሳውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሲጠሩኝ መጥቼ የማውቀውን አስረዳለሁ።

ሁለተኛው የመኪና ሚዛኑ ነው። የማረጋገጫ ማኅተሙ ጥቅምት 15 ያበቃል። የጥያቄ ደብዳቤው ወጪ ሆኗል፣ መልስ ግን አልመጣም። እስከ መስከረም 25 ካልመጣ በስልክ ሳይሆን በአካል ሰው ይላኩ። ማኅተሙ ባለፈ ሚዛን እሸት ቡና መቀበል ከማኅበራቱ ጋር ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጭቃል።

የመጋዘን 3 ጣሪያ ጥገና ጨረታ በግዥ ክፍል ነው። እስኪጠገን ድረስ ከሰሜኑ ግድግዳ ሁለት ሜትር ርቀው ይደርድሩ፤ የፓሌቱን ቦታ በቀለም አስምሬበታለሁ።

2. በመጋዘን ያለው

ካለፈው ምርት 412 ኬሻ፣ በ60 ኪሎ ሲሰላ 247.2 ኩንታል፣ በመጋዘን 1 አለ። በቢን ካርዱና በአካል ቆጠራው መካከል ልዩነት የለም፤ ቆጠራው የተደረገው ኦዲት ባለበት ነው። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ተያይዟል።

3. ከጥቅምት እስከ ጥር

የታጠበ ቡና ቀድሞ ይደርሳል፣ ጀንፈሉ ይከተላል፤ ይህን ያውቁታል። የምጽፈው ማታ ማታ በር ላይ ስለሚሆነው ነው።

ከሊሙ ኮሳና ከጎማ የሚመጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ሲመሽ ነው። ሾፌሩ አራግፎ መመለስ ይፈልጋል፣ የማኅበሩ ሰው ደክሞታል፣ ጫኝና አውራጆችም ለአዳር አይቆዩም። «ናሙናውን ብቻ ውሰዱልንና ነገ ይታያል» ይላሉ። የዚህ ቡድን ልማድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ናሙና አለመውሰድ ነው። በመብራት ሲታይ የፍሬው ቀለም ያታልላል፤ የደበዘዘውና ጤነኛው አንድ ይመስላሉ። መኪናው ታሽጎ፣ ጥበቃው ፈርሞ ያድራል። ጠዋት ናሙና ሲወጣ መውጊያው ከኋላ በር አካባቢ ያሉትን ኬሻዎች ብቻ እንዳይነካ። የደረቀው ወደ በሩ፣ እርጥቡ ወደ መሀል የተጫነ መኪና በየዓመቱ አይጠፋም። መሀል ያሉትን ለማግኘት ጥቂት ማውረድ ግድ ነው። አውራጆቹ ያጉረመርማሉ፣ ቢሆንም ይወርዳል።

ከሁለቱ የእርጥበት መለኪያዎች አሮጌው ከአዲሱ በ0.4 ገደማ ከፍ አድርጎ ያነባል። ከበር ላይ ፍተሻ በቀር አይጠቀሙበት፤ በሂሳብ ላይ የሚውለው የአዲሱ ንባብ ነው። ሁለቱንም በየወሩ መጀመሪያ ከምድጃው ውጤት ጋር ማስተያየት አይዘንጋ።

4. የቅምሻ ክፍሉ

ከመቶው 40ው የጥሬ ቡናው፣ 60ው የስኒው መሆኑን ለቀማሾቹ መንገር አያስፈልግም። የሚያስፈልጋቸው ሰው እንዳይገባባቸው ነው። ቅምሻ ላይ እያሉ የማኅበር ሊቀ መንበርም ይሁን የዩኒየኑ ቦርድ አባል እንዳይገባ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ወረቀቱን ሰዎች ይቀድዱታል፣ ደግመው ይለጥፉት። ናሙና በኮድ እንጂ በማኅበር ስም ወደ ክፍሉ አይገባም። የኮዱ መዝገብ እስካሁን በእኔ መሳቢያ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ በእርስዎ እጅ ነው።

የአፈር ጠረን በተደጋጋሚ ከአንድ ማኅበር ከመጣ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መተው አይበቃም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መሬት ላይ ማስጣት ነው። ከባለሙያዎቹ አንዱ ሄዶ አልጋውን ይይ፤ የነዳጅ ወጪው ከቡድኑ የመስክ በጀት ይሸፈናል።

5. ሰዎቹ

ስለ ባልደረቦቻችን በዚህ ሰነድ ብዙ አልጽፍም፤ ግልባጩ ለብዙ ቦታ ይሄዳል። የሥራ አፈጻጸማቸው በግል ማህደራቸው አለ። ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። የጊዜያዊ ላቦራቶሪ ረዳቷ ውል ኅዳር 30 ያበቃል፤ ቋሚ የሥራ መደቡ እንዲፈቀድ የጻፍኩትን ደብዳቤ ይከታተሉልኝ፣ ጥያቄውም የእርስዎ ይሁን። የመጋዘን 2 ኃላፊ ደግሞ አንጋፋችን ናቸው። የትኛው ጥግ በየትኛው ወር እርጥበት እንደሚያበዛ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ በወረቀትም የለም። ጡረታቸው ሳይደርስ አንድ ወጣት አብሯቸው እንዲሠራ ያድርጉ። ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ቢያማክሯቸው ደስ ይላቸዋል፤ እኔም በእሳቸው ምክር ተጠቅሜያለሁ።

6. ከመስከረም 20 በኋላ

እስከዚያ ጠዋት ጠዋት አብረን መጋዘኑን እንዞራለን፣ ከሰዓት የምፈርመውን ሁሉ እርስዎ አይተው አብረው ይፈርማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊርማዬ በዚህ ቡድን ሰነድ ላይ ዋጋ የለውም፤ ለባንክም ለጥበቃም በደብዳቤ ተገልጿል። የኮምፒውተር መግቢያዬም በዚያው ዕለት እንዲዘጋ ጠይቄያለሁ። የይለፍ ቃል አላስረክብም፣ የራስዎ ይከፈትልዎታል።

እስከ ኅዳር መጨረሻ በስልክ ይጠይቁኝ፤ ያለፈ ጉዳይ ከሆነ አስታውሼ እነግርዎታለሁ። የዕለቱን ውሳኔ ግን አልሰጥም። ሠራተኞቹም በልማድ ወደ እኔ ሊደውሉ ይችላሉ፤ ወደ እርስዎ እመልሳቸዋለሁ።

አንድ ነገር በጽሑፍ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። አሁን የምሄደው ቡና ቶሎ እንዲወጣ ወደሚፈልገው ክፍል ነው። ገዢ ሲያስቸኩለኝ እኔው ራሴ ደውዬ «ውጤቱ ይደርሳል፣ መኪናው ይጫን» ልል እችላለሁ። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይፈረም አይልቀቁ። የቆየ ባልደረባ ነኝ ብዬ ብለምን ይህን አንቀጽ ያንብቡልኝ፤ ግልባጩን ለአዲሱ አለቃዬም የላክሁት ለዚህ ነው።

አባሪ፦ የንብረት መረካከቢያ ቅጽ፣ የቆጠራ ቃለ ጉባኤ፣ የአቤቱታው ደብዳቤ ቅጂ፣ የሚዛን ማረጋገጫ ጥያቄ።

ይህ ሰነድ በአስረካቢ፣ በተረካቢና በውስጥ ኦዲት ታዛቢ ፊት ተነቦ በሦስት ቅጂ ተፈርሟል።