የሥነ ምግባር ጉዳይ አመረማመር፦ የደቻቱ ዳር ግንብ

ጉዳዩ ይህ ነው። ድሬዳዋ ላይ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር የድጋፍ ግንብ እየተሠራ ነው። ለወጣቷ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የ28 ቀን የኩብ ፈተና ውጤት ደረሳት፤ ኩቡ ለግንቡ ከተቦካው ኮንክሪት በሻጋታ ተሞልቶ የሚፈተን ናሙና ነው፤ ጥንካሬው 25 ሜጋ ፓስካል ሊሆን የሚገባው ኮንክሪት 18 ወጥቷል። አለቃዋ «ክረምት ሳይገባ የክፍያ ሰርተፍኬቱን ፈርሚ፤ ኋላ ይስተካከላል» አሏት። ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ እውነታው። የጊዜያችሁን ግማሽ እዚህ አውሉት፤ የሥነ ምግባር የሚመስለን ክርክር ብዙውን ጊዜ የመረጃ ክርክር ነው። ወረቀቱን ለሦስት ክፈሉት፦ የምናውቀው፣ የምንገምተው፣ የማናውቀው። «ግንቡ ደካማ ነው» የሚለው የት ይገባል? ብዙዎቻችሁ ከምናውቀው ጋር ታሰፍሩታላችሁ፤ ተሳስታችኋል። የምናውቀው ኩቡ 18 መውጣቱን ብቻ ነው። ኩቡ ውኃ ውስጥ መቆየት ሲገባው በድሬዳዋ ፀሐይ ከበርሜል ሥር ተጥሎ ከርሞ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአያያዝ እንጂ የግንቡ ላይሆን ይችላል። የሚለየው ከግንቡ ራሱ ተቆርጦ የሚወጣ ኮር ናሙና ነው።

ሁለተኛ፣ ባለጉዳዮቹ። በስብሰባው ወንበር ከሌላቸው ጀምሩ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉ ግን ከደጋው ነው የሚወርደው፤ በሐምሌ 1998 ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በሌላ በኩል ክፍያው ሲዘገይ ደመወዙ የሚዘገይበት የቀን ሠራተኛ አለ። እሱን ከረሳችሁ ነገሩ ከሚገባው በላይ ይቀልላችኋል።

ሦስተኛ፣ አማራጮች። «ትፈርም» እና «ሥራዋን ትልቀቅ» ብቻ ከጻፋችሁ ገና አላሰባችሁም። ያልተጠረጠረውን ሥራ አጽድቃ የተጠረጠረውን ማስቀረት ትችላለች፤ ኮር ናሙና ማዘዝ፣ ለአለቃዋ በደብዳቤ ማሳወቅ፣ ካልሰሟት ግንቡን ለሚያሠራው አካል መጻፍም አለ።

አራተኛ፣ መርሆዎች። ጉዳት አለማድረስ፣ እውነተኝነት፣ ፍትሕ፣ ለቀጣሪ ታማኝነት፤ እያንዳንዱን አማራጭ በነዚህ መዝኑ። ፊርማ «አይቻለሁ፣ ትክክል ነው» ማለት ነው፤ «ኋላ ይስተካከላል» የሚል ፊርማ አላውቅም። መርሆዎቹ ሲጋጩ ሊካስ የሚችለውን ጉዳት ከማይካሰው ለዩ። የዘገየ ደመወዝ ይከፈላል፤ ጎርፍ የወሰደው ሰው አይመለስም።

አምስተኛ፣ ውሳኔ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ምክንያቱን ጨምሩ፣ ሐሳባችሁን የሚያስቀይራችሁንም ግለጹ። የእኔ ይህ ነው፦ የተጠረጠረው የግንብ ክፍል ክፍያ ይቆይ፣ የቀረው ይጽደቅ፣ ናሙናው በዚህ ሳምንት ይወሰድ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። ኮሩ ዲዛይኑ የሚጠይቀውን ካሟላ እፈርማለሁ።

ናሙናው ከሚፈለገው በጥቂቱ ብቻ ቢያንስስ? አለቃዋም «ይህችንማ እለፊያት» ቢሏት? አምስቱን ደረጃ እንደገና ሄዳችሁ ለሐሙስ ጽፋችሁ አምጡ።