የአውቶኖሚክ መድኃኒቶች በአንድ ገጽ፦ ለሐሙሱ ፈተና

ለጥናት ቡድናችን። ደሴ ላይ መብራት ሳይጠፋ ጽፌ የጨረስኩት ነው፤ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ተከፋፈሉት። ሁለቴ አንብቡት፣ ሦስተኛው ላይ የሠንጠረዡን ቀኝ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

መድኃኒቱን ብቻ አትሸምድዱ። ሪሴፕተሩ የት የት እንዳለ ካወቃችሁ አብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት ራሱ ይመጣል፤ ያው ውጤት ነው፣ ያልፈለግነው ቦታ ላይ ሲታይ። በዚህ መንገድ የማይወጡትን በኮከብ (★) ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። እነሱን ብቻ በቃል ያዙ።

ሁለቱን ወገን ለመለየት

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን በእግር ስትወጡ አስቡ። ልብ ይደልቃል፣ የሳንባ ቧንቧ ይከፈታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ዝም ይላል፣ ሽንት ትዝ አይልም። ይህ ሲምፓቴቲክ ነው። ደሴ ገብታችሁ ምሳ በልታችሁ ጋደም ስትሉ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ ፓራሲምፓቴቲክ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ላብ። ነርቩ ሲምፓቴቲክ ነው፣ የሚለቀው ግን አሴታይልኮሊን ነው። ይህቺ ነገር ታች ትመለሳለች።

| ሪሴፕተር | የት | ሲነቃ |
|---|---|---|
| አልፋ 1 | ደም ሥር፣ ዓይን፣ የፊኛ አንገት | ደም ሥር ይጠባል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ሽንት ይያዛል |
| አልፋ 2 | አንጎል፣ የነርቭ ጫፍ | ኖርአድሬናሊን እንዳይለቀቅ ይገታል |
| ቤታ 1 | ልብ፣ ኩላሊት | ምት ይፈጥናል፣ ሬኒን ይለቀቃል |
| ቤታ 2 | ሳንባ፣ ማህፀን፣ የጡንቻ ደም ሥር | ይላላል፤ ፖታሲየም ወደ ሴል ይገባል |
| ቤታ 3 | ፊኛ | ይላላል |
| ኤም 2 | ልብ | ምት ይዘገያል |
| ኤም 3 | እጢ፣ አንጀት፣ ፊኛ፣ ሳንባ፣ ዓይን | እጢ ያመነጫል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ብሌን ይጠባል |
| ኒኮቲኒክ | የአጥንት ጡንቻ | ይኮማተራል |

አልፋ

ፌኒሌፍሪን አልፋ 1ን ያነቃል። የአፍንጫ መታፈንን ይከፍታል፣ ግፊትን ግን ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ልብ በሪፍሌክስ ይዘገያል። እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለ የአፍንጫ ጠብታ ለብዙ ቀናት ከተወሰደ አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይታፈናል።

አልፋ 1ን የሚዘጉት ፕራዞሲንና ታምሱሎሲን ናቸው። ፕራዞሲን ለግፊት፣ ታምሱሎሲን ፕሮስቴት አብጦ ሽንት ለሚያስቸግራቸው አባቶች። ጉዳቱ፦ ሲቆሙ ማዞር። የፕራዞሲን የመጀመሪያዋ ኪኒን በተለይ ስለምትጥል ማታ ሊተኙ ሲሉ ትሰጣለች።

ጫትን እዚህ ጋ አስገቡት። ካቲኖን ኖርአድሬናሊንን ያስለቅቃል። ስለዚህ ግፊት፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ሽንቴ አልወርድ አለኝ» ማለት። የመጨረሻው የፊኛ አንገት ላይ ያለው አልፋ 1 ነው። በርጫ ላይ ያለ ሰው ይህን ሳታስተምሩት ያውቀዋል።

አልፋ 2፦ ሜቲልዶፓ በእርግዝና ግፊት ላይ ይሰጣል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ★ ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላል፣ ኩምብስ ምርመራውም ፖዘቲቭ ይሆናል። ክሎኒዲን በድንገት ከተቋረጠ ግፊት ተመልሶ ይተኮሳል።

ቤታ

ሳልቡታሞል ቤታ 2ን ነው የሚያነቃው፤ ለአስም። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፣ በኔቡላይዘር በብዛት ሲሰጥ ፖታሲየም ይቀንሳል። ዶቡታሚን በዋናነት ቤታ 1 ነው፤ ልብ ሲደክም፤ አሪትሚያ ያመጣል። ሚራቤግሮን ቤታ 3፣ ይለፍ።

ብሎከሮቹ ላይ ቆም በሉ። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ወደ ቤታ 1 ያደላሉ፣ ፕሮፕራኖሎል ሁለቱንም ይዘጋል። ለዚህ ነው አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል የማይሰጠው። የሁሉም የጋራ ጉዳት ልብ መዘግየት፣ የኤቪ ብሎክ፣ ድካምና እጅ መቀዝቀዝ ነው። በድንገት አይቋረጡም።

አሁን ላቡን አምጡት። ኢንሱሊን የምትወስድ እናት ፕሮፕራኖሎል ተጨመረላቸው እንበል። ስኳራቸው ሲወርድ ልባቸው አይመታም፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ሁለቱም በቤታ የሚመጡ ናቸውና። ላቡ ግን ይመጣል፤ እሱ ሙስካሪኒክ ነው። «እማማ፣ ያለ ምክንያት ካላበዎት ስኳርዎን ይለኩ» የሚለው ምክር ከዚህ ይወጣል። ፈታኙ ይህን ይወዳል።

አድሬናሊን

ሁሉንም ይነካል፤ አናፊላክሲስ ላይ የሚሠራውም ለዚህ ነው። አልፋ 1 ግፊት ያነሳል፣ ቤታ 1 ልብን ያግዛል፣ ቤታ 2 ሳንባ ይከፍታል። ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ፣ በጭን ውጪኛ ጎን፣ ካስፈለገ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ጉዳቱ፦ ልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ ጭንቀት፣ ግፊት። የድሮ ጥያቄ፦ አልፋ ብሎከር የወሰደ ሰው አድሬናሊን ቢሰጠው ግፊቱ ምን ይሆናል? ይወርዳል። የቀረው ቤታ 2 ነዋ።

ሙስካሪኒክ

የሚያነቃው ፒሎካርፒን ለግላኮማ ይሰጣል፤ ብሌን ያጠባል፣ ቅንድብ አካባቢ ያማል። ኒዮስቲግሚን በተዘዋዋሪ ይሠራል፤ ኢንዛይሙን ይዘጋና አሴታይልኮሊን ይከማቻል። ለሚያስቴኒያ ግራቪስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ጡንቻ ለመመለስ። ልብ እንዳያዘገይ ከአትሮፒን ጋር ይሰጣል።

ኦርጋኖፎስፌት፦ እንደ ማላቲዮን ያለ የተባይ መድኃኒት። ሁሉም ያፈስሳል፦ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት። ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። የሚገድለው ግን ሳንባ ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽና የመተንፈሻ ጡንቻ መድከም ነው። አትሮፒን ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ካልበቃ በየ5 ደቂቃው እጥፍ። እስከ መቼ? ደረቱ እስኪደርቅና ልብ ምት ከ80 እስኪያልፍ። ባለፈው ፈተና «ብሌኑ እስኪሰፋ» ብዬ ጽፌ ነጥብ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። አትሮፒን የጡንቻውን ድካም አይነካም፤ እሱ ኒኮቲኒክ ነው። ፕራሊዶክሲም ለዚያ ነው፣ ቶሎ ካልተሰጠ ግን ኢንዛይሙ እንደታሰረ ይቀራል።

አትሮፒን ሲበዛ፦ አፍ ደረቅ፣ ቆዳ ትኩስና ቀይ፣ ዓይን ብዥ፣ ሽንት የለም፣ ሆድ ድርቀት፣ ልብ ፈጣን፣ አእምሮ የተዘባረቀ። የመንገድ ዳሩ አስተናግር ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን። ስሙ ራሱ የጎንዮሽ ጉዳቱን ይናገራል፤ የበላው ብቻውን ያወራል።

ዘመዶቹ፦ ለቁርጠት ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ፣ ለሳንባ አይፕራትሮፒየም፣ ለዓይን ምርመራ ትሮፒካማይድ። የግላኮማ ጥርጣሬ ካለ ወይም ፕሮስቴት ካበጠ ተጠንቀቁ።

ኒኮቲኒክ

ሱክሳሜቶኒየም መጀመሪያ ጡንቻውን ያርገበግባል፣ ከዚያ ያዝላል። በነጋታው ጡንቻ ያማል። ★ ፖታሲየም ይጨምራል፤ ከተቃጠለ ቀናት ላለፉት በሽተኛ አደገኛ ነው። ★ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ፤ መድኃኒቱ ዳንትሮሊን። ቬኩሮኒየም ዝም ብሎ ይዘጋል፣ ኒዮስቲግሚን ይመልሰዋል። ሱክሳሜቶኒየምን ግን አይመልሰውም፤ ያራዝመዋል።

ወረቀቱ እዚህ ሞላ። ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ቧንቧ ውሃ፣ የተለመደው ሻይ ቤት። ኮከቦቹን እኔ እጠይቃለሁ፤ የሳተ ሻይ ይከፍላል።