ጉዳዩ፦ ተሰብረው የደረሱ 5 ካርቶን የወለል ሴራሚኮች እንዲተኩልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር 004183 ከድርጅታችሁ 24 ካርቶን የወለል ሴራሚክ ገዝቼ፣ የማጓጓዣውን ጭምር ሙሉ ዋጋ በዕለቱ ከፍያለሁ። ሴራሚኩ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በየካርቶኑ 4 ፍሬ ይይዛል። ዕቃው ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ደርሶኛል። ሆኖም ከ24ቱ ካርቶኖች በ5ቱ ውስጥ 13 ፍሬ ተሰብሮ፣ 4 ፍሬ ደግሞ ጠርዙ ተሸርፎ ስላገኘሁት ይህን አቤቱታ አቅርቤያለሁ።

የማስረከቢያ ሰነዱን ዋና ቅጂ ሾፌሩ ይዞት ስለተመለሰ በእጄ ያለው ከመኪናው አጠገብ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶግራፍ ነው። ደረሰኙንም ያነሳሁት በዚያው ቀን ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ እየደበዘዘ እንደሚጠፋ ከዚህ በፊት ተምሬአለሁና። የሁለቱንም ፎቶግራፍ አትሜ አያይዣለሁ። በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ የመጨረሻውን አኃዝ ማኅተሙ ስለሸፈነው ቁጥሩ 2291 ይሁን 2297 ለይቼ ማንበብ አልቻልኩም። የዕቃው ዓይነት፣ የካርቶኑ ብዛትና የደረሰኙ ቁጥር ግን በግልጽ ስለሚነበቡና ከደረሰኙ ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሰነዱን ከመዝገባችሁ ለማግኘት አስቸጋሪ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ረቡዕ ዕለት በስልክ ሳመለክት የተሰጠኝ መልስ «ፈርመው ተረክበዋል» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ፈርሜአለሁ። ነገር ግን «ዕቃውን በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ከሚለው የታተመ ዓረፍተ ነገር ሥር፣ ከፊርማዬ በስተግራ፣ በእጅ ጽሑፌ «5 ካርቶኖች ማዕዘናቸው ተጨፍልቋል፤ ውስጣቸው አልታየም» የሚል ማስታወሻ አስፍሬአለሁ። ሾፌሩም ማስታወሻውን አንብቦ ከጎኑ ፈርሟል። ፎቶግራፉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ለሚያይ ሁለቱም ፊርማዎች ይታያሉ። ማስታወሻው የተጻፈው ካርቶኖቹ ከመከፈታቸው በፊት ነው፤ ሲከፈቱ ስብራቱ የተገኘውም በእነዚያው በ5ቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለ ምክንያቱ የምናገረው ያየሁትን ብቻ ነው። ካርቶኑ በጠርዙ ቆሞ እንዲጫን የሚያመለክት ቀስት በጎኑ ታትሞበታል። የመኪናው በር ሲከፈት ግን እነዚህ 5 ካርቶኖች ተኝተው፣ በላያቸውም የሌላ ደንበኛ የማጣበቂያ ከረጢቶች ተደርድረው ነበር። የቆሙት 19ኙ ካርቶኖች አንዳች ጉዳት አልደረሰባቸውም።

በደረሰኙ ጀርባ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። እኔ ሐሳቤን ቀይሬ ዕቃ ልመልስ አልመጣሁም፤ የከፈልኩበት ዕቃ ሳይጎድል ይሰጠኝ ነው የምለው።

ምትኩን በተመለከተ በጥብቅ የማሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። በካርቶኖቹ ጎን ላይ የቀለም መለያ 08፣ የልክ መለያ 9 የሚል ታትሟል፤ 24ቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሴራሚክ ስሙና መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ በተለያየ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ ሊደምቅ ወይም ሊፈዝ፣ ልኩም በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ እንደሚችል ባለሙያዎቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ልዩነቱ በመጋዘን ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲነጠፍ ግን ክፍተቱ አይገጥምም፣ ወለሉም የተጣፈ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ መለያ ያለው 5 ካርቶን ቢላክልኝ እንደ ምትክ አልቀበለውም።

በመሆኑም እነዚሁ መለያዎች ያሏቸው 5 ካርቶኖች ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በድርጅታችሁ ማጓጓዣና ወጪ እንዲላኩልኝ፣ የተጎዱትም በዚያው መኪና እንዲወሰዱ እጠይቃለሁ። ተመሳሳዩ በመጋዘናችሁ ከሌለ፣ 24ቱንም ካርቶን ተረክባችሁ የማጓጓዣውን ጨምሮ በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ። እስካሁን አንድም ፍሬ አላስነጠፍኩም። የተሰበሩትንም በየካርቶናቸው መልሼ አስቀምጫለሁ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሠራተኛችሁ በማናቸውም የሥራ ቀን አሳያለሁ።

ውሳኔያችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በደረሰኙ ላይ የተመዘገበው አድራሻዬ አልተለወጠም።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ አለው)
በደረሰኝ ቁጥር 004183 ዕቃ የገዛሁ ደንበኛ

አባሪ፦ የደረሰኙ የፊትና የጀርባ ፎቶግራፍ፣ የማስረከቢያ ሰነዱ ፎቶግራፍ፣ የተጎዱት ሴራሚኮችና የካርቶኖቹ መለያ የሚታዩባቸው 6 ፎቶግራፎች

ግልባጭ፦ ለመጋዘንና ስርጭት ክፍል