ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለትዕግሥት

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ያላወራሁሽ አባባ አጠገብሽ ስለሚቀመጥ ነው። ደብዳቤውን ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ብቻሽን አንብቢው።

ለማጠናከሪያ ብለሽ የጠየቅሽኝ 4,000 ብር በቴሌግራም የፈተና መልስ እሸጣለሁ ለሚለው ሰውዬ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ አትበይ፤ ሞላሌ ውስጥ ምን ይደበቃል?

ሰውዬው የዓምናውን መልስ ቀድሞ እንደለጠፈ ማስረጃ አሳይቶሻል አሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ከፈተናው በፊት የሆነ ነገር ይለጥፋል፤ ፈተናው ሲያልቅ ገብቶ በመልሱ ይቀይረዋል። ሰዓቱ ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። እስቲ ከሥር edited የምትል ቃል ካለች እያት።

እሺ፣ እውነተኛ ቢሆንስ? የእኔ እውነተኛ ነበር።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በ2008 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሳለሁ ለአባባ መጽሐፍ ልገዛ ነው አልኩት። ያቺን ግንባረ ቦቃ በግ ሸጦ ሰጠኝ። አራት ሆነን አዋጥተን የእንግሊዝኛውን ፎቶ ኮፒ ገዛን። ሌሊቱን ሙሉ ኤ፣ ሲ፣ ሲ፣ ዲ እያልን ስንሸመድድ ደብተር የነካ የለም። ሌላውም ይመጣል ብለን ነዋ! ሰኞ ግንቦት 22 እንግሊዝኛው መውጣቱ ታወቀና ፈተናው በሙሉ በአገር ደረጃ ተሰረዘ። እንደገና የተፈተንነው ከወር በኋላ ነው። ሲያጠኑ የከረሙት ልጆች ተናደው ነበር እንጂ አልተጎዱም። እኔ ሒሳቡን ስከፍተው ጭንቅላቴ ባዶ ነበር። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ትምህርት ቤታችሁ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ነው የተከፈተው። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም ሰምተሻል። ግን ያኔም ቢሆን ለጥቂት የቀረባቸው ብዙዎች በሪሜዲያል ገብተዋል። ደግሞ አሁን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድራችሁ ነው የምትፈተኑት፤ በሩ ላይ ፈትሸው ነው የሚያስገቡሽ፤ ስልክ የለም። ያንን ሁሉ ፊደል በቃልሽ ይዘሽ ልትገቢ ነው? እሱን የሚችል ጭንቅላት ባዮሎጂ አያቅተውም።

ፊዚክሱ ነው የከበደሽ። ለፋሲካ ስመጣ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ፤ የቻልነውን አብረን እንሠራለን። እስከዚያ ከ9ኛ ክፍል ጀምረሽ ያልገባሽን ምልክት አድርጊበት።

አባባ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር "ያን መጽሐፍህን ለትዕግሥት ስጣት እንጂ" ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓደኛ ወሰደው እያልኩ አለፍኩት። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የፊዚክስና የሒሳብ አጋዥ ገዛሁ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፌስታል ተቋጥሮ ይደርስሻል። አባባ አይቶ "ተገኘ እንዴ?" ካለሽ ዝም በይ። ስመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ ደረጀ