ከቤት ሽያጭ ውሉ ግልባጭ ጋር የተላከ ደብዳቤ፦ ማህተሙንና ፊርማውን እንዴት እንዳመለከትኩ

ወ/ሮ አልማዝ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አባትዎ ቤቱን የገዙበት ውል ተጽፎ አልቋል። ከዚህ ኢሜይል ጋር ሁለት ፋይል አያይዣለሁ። አንደኛው ወንድምዎ ስካን አድርጎ የላከልኝ ባለ 4 ገጽ ምስል ነው፤ ምንም አልነካሁትም። ሁለተኛው እኔ በኮምፒውተር የጻፍኩት ግልባጭ ነው። ግልባጩን ሲከፍቱ በየቦታው በአራት ማዕዘን ቅንፍ የተከበቡ ቃላት ያያሉ። ግር ሊልዎት ይችላል። እዚያ ሜሪላንድ ያሉት አስተርጓሚም፣ እዚህ ጉዳዩን የያዙት ጠበቃም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይህን ደብዳቤ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ በቅንፍ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ቃል ነው። ከቅንፍ ውጭ ያለው ሁሉ የወረቀቱ ቃል ነው። ወረቀቱ ላይ ስህተት ካለ ስህተቱን እንዳለ ትቼዋለሁ። ለምሳሌ ገጽ 1 ላይ «ግቢ» መባል ያለበት «ገቢ» ተብሎ ተመትቷል። አላረምኩትም፤ ከጎኑ [እንዳለ] ብዬ ነው ያለፍኩት። ውሉ የተመታው በድሮው የአማርኛ ታይፕ ነው። በዚያ ታይፕ ብዙው ፊደል የሚሠራው አካሉና ቅጥያው ለየብቻ ተመትተው ነው። ቅጥያው ሳይያዝ ሲቀር «ሱ» የነበረው «ሰ» ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦታ 7 ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ሁሉም ላይ ምልክቱ አለ።

ወደ ፊርማው ልምጣ። ከወንድምዎ ጋር ትንሽ የተከራከርነውም በሱ ነው።

ገጽ 3 ላይ «የገዢ ፊርማ» ከሚለው ቀጥሎ አንድ የተጠማዘዘ መስመር አለ። ግልባጩ ላይ እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦

የገዢ ፊርማ [ፊርማ፤ የማይነበብ፤ ሰማያዊ ብዕር]

ወንድምዎ ረቂቁን አይቶ ወዲያው ደወለልኝ። «እሱማ የአባዬ ፊርማ ነው፣ በጨለማም ብታሳዪኝ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ጻፊው በቃ» አለኝ። አምነዋለሁ። ግን አልጻፍኩም። እኔ ስሙን ከጻፍኩት የሚያነበው ሰው ወረቀቱ ላይ ስም ተጽፎ ያለ ይመስለዋል። አስተርጓሚው ያንኑ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል። ሦስተኛ እጅ ላይ ሲደርስ የኔ ግምት የውሉ ቃል ሆኖ ቁጭ ይላል። ፊርማው የማን እንደሆነ መመስከር የወንድምዎና የእርስዎ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቦታው ሌላ ነው። የኔ [ፊርማ] የሚለው ቃል «እዚህ ቦታ ላይ በእጅ የተፈረመ ነገር ይታያል» ከማለት አያልፍም። ማን ፈረመ፣ እውነተኛ ነው ወይ የሚለውን አይመልስም።

የሻጩ ፊርማ ላይ ግን ጥቂት ፊደል ይነበባል። እሱን [ፊርማ፦ «ከበ...» ድረስ ይነበባል] ብዬዋለሁ። ቀሪውን ከላይ ከተመታው ስም ወስጄ መሙላት ቀላል ነበር። አላደረግኩትም።

ሁለት ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ እንዳይምታቱ አደራ። [ፊርማ የለም] እና [አይታይም]። ገጽ 3 ላይ የ3 ምስክሮች ስም ተመትቷል፤ ሁለቱ ፈርመዋል፣ የሦስተኛው መስመር ግን ባዶ ነው። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚታይ [ፊርማ የለም] ብያለሁ። ገጽ 2 ላይ ግን ታችኛው ጠርዝ ስካን ሲደረግ ተቆርጧል። ጠርዙ ላይ የሰማያዊ ብዕር ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ከሥሩ አጭር ፊርማ ይኑር አይኑር ከዚህ ምስል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ [ከዚህ በታች ተቆርጧል፤ አይታይም] ነው ያልኩት። አንዱ የወረቀቱ ጉድለት ነው፣ ሌላው የምስሉ። የሦስተኛው ምስክር አለመፈረም ያሳስብዎት ይሆናል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንደሚረጋገጥ ግን ብዙ ውል ስመታ የለመድኩት ነው። እዚህ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው ጠበቃው ይንገሩዎት።

ከሻጩ ፊርማ ሥር የባለቤቱ የጣት አሻራ አለ። [የጣት አሻራ፤ ሐምራዊ ቀለም፤ ግማሹ የፈሰሰ] ብዬዋለሁ። አውራ ጣት ነው ብዬ አልጻፍኩም፤ ይመስላል እንጂ ወረቀቱ አይልም። ከጎኑ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ «የባለቤቴ አሻራ ነው» የሚል አለ። እሱ የወረቀቱ ቃል ስለሆነ ከቅንፍ ውጭ ነው፤ ከፊቱ [በእጅ] የሚል ብቻ ጨምሬያለሁ። ይህን ቦታ ለጠበቃው በተለይ ያሳዩልኝ። የሕጉ ቁጥር 1728 መጻፍና ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው ስላደረገው ፊርማና አሻራ ለብቻው ይናገራል፤ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ወይም እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ያረጋግጠው ይላል። ከአሻራው አጠገብ እንዲህ ያለ የማረጋገጫ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። በምስሉ ላይ ማለቴ ነው።

አሁን ማህተሙ። እዚህ ላይ አስተርጓሚው እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። እኛ ማህተም፣ ቲተር፣ ቴምብር ብለን የምንለያቸውን ነገሮች እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ስታምፕ» ብሎ ይገላገላቸዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም አሉ፣ ሥራቸውም የተለያየ ነው። [ክብ ማህተም] ያልኩት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ማህተም ነው። [ቲተር] ያልኩት የኃላፊው ስምና ሥራ የተጻፈበት፣ ከፊርማ ሥር የሚመታው ነው። [ቴምብር] ደግሞ ቀረጥ የተከፈለበት፣ እንደ ፖስታ ቴምብር የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ገጽ 1 ራስጌ ላይ ሁለት ቴምብር ተለጥፏል። ዋጋቸው ግን ማህተም ስላረፈበት [ቴምብር፤ 2 ፍሬ፤ ዋጋው የማይነበብ] ብዬዋለሁ።

የክቡ ማህተም ዙሪያ ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል። «ክልል 14» የሚለው ጥርት ብሎ አለ። አስተርጓሚው ወጣት ከሆኑ ሊያደናግራቸው ይችላል፤ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ክልል 14 ትባል ነበር። ሌላ ከተማ አይደለም። ወረዳውና ቀበሌውም የዚያን ጊዜው ነው። አሁን ካለው ወረዳ ጋር ቁጥሩ ቢገጥምም አንድ ቦታ ነው ማለት አይደለም፤ ክፍለ ከተማ የተባለው አከፋፈል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ግልባጩ ውስጥ አልከተትኩትም። እዚያ ያለው የሚነበበው ፊደል ብቻ ነው፤ የጠፋውን በሦስት ነጥብ አልፌዋለሁ።

ማህተሙን ሲቆጥሩ እንዳይሳሳቱ ደግሞ፦ በ4ቱ ገጾች ላይ ክብ ነገር 5 ቦታ ይታያል። የተመታው ግን 4 ጊዜ ነው። ገጽ 4 ላይ ያለው ከገጽ 3 ቀለም ሰርጎ ወደ ጀርባ የወጣ ነው። ፊደሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው የሚታየው። [ከገጽ 3 የሰረገ] ብዬ ለይቼዋለሁ። እኔም መጀመሪያ ቆጥሬው ነበር፤ ማታ ደግሜ ሳይ ነው የነቃሁት።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝን ልንገርዎት፤ ዋጋው ነው። ገጽ 2 ላይ የቤቱ ዋጋ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል። ማህተሙ ደግሞ በትክክል እሱ ላይ አርፏል። ወንድምዎ መጀመሪያ የላከልኝ ምስል ጥቁርና ነጭ ስለነበር ሁሉም አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ነበር። በከለር ደግሞ ሲልክልኝ የማህተሙ ሐምራዊ ከታይፑ ጥቁር ተለየ። እንዲያም ሆኖ ከአኃዙ ሁለተኛዋ ቁጥር 5 ትሁን 8 መለየት አልቻልኩም። በፊደል የተጻፈውም «አርባ» ካለ በኋላ ያለው ቃል ተሸፍኗል፤ የሚታየው የመጀመሪያ ፊደሉ «አ» ብቻ ነው። «ስምንት» ቢሆን ኖሮ በ«ስ» ይጀምር ነበር ብዬ አምስት ለማለት እጄ ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ግን «አ» ያልኳት ራሷ ግማሽ ፊደል ናት። ስለዚህ እንዲህ ነው ያለው፦

ብር 4[?]ሺህ (አርባ አ[በማህተም የተሸፈነ] ሺህ ብር)

ወንድምዎ 45 ሺህ ነው ይላል፤ ሳይሆንም አይቀር። እርግጠኛ የምንሆነው ግን ዋናውን ወረቀት ብርሃን ላይ ይዘን ከጀርባው ስናየው ነው። አስተርጓሚው እስከዚያ ድረስ የጥያቄ ምልክቱን እንዳለ ይተርጉሙት።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ብቻ። ውሉ ላይ «16/4/88» ይላል። 4 ኤፕሪል አይደለም፣ ታኅሣሥ ነው፤ 88ም 1988 ዓ.ም ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር 26 ቀን 1995 ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበር ከተለመደው በአንድ ቀን ይለያል፤ አንዳንድ ሰው 25 ብሎ ሊያሰላው ይችላል። በማህተሙ አጠገብ ያለው ቀን ደግሞ «18/4/88» ነው። ሁለት ቀን ልዩነት አለው። ስህተት መስሎኝ ላስተካክለው አልሞከርኩም፤ የተፈራረሙበትና ማህተም የተመታበት ቀን ሊለያይ ይችላል።

አንቀጽ 5 ላይ አንድ ስርዝ ድልዝ አለ። ከሥር ያለው ቃል ስለሚነበብ [የተሰረዘ፦ «በየወሩ»] ብዬ አስቀምጬዋለሁ። በላዩ የተጻፈው «በአንድ ጊዜ» ይላል። ከጎኑ የማንም ፊርማ የለም፤ ይህንንም ለጠበቃው ይንገሩልኝ።

እንግዲህ የቀረው ገጽ 2 ነው። ወንድምዎ ዋናውን ወረቀት እንደገና ስካን ቢያደርገው፣ በከለር፣ ጠርዞቹ አራቱም እየታዩ፣ ከስልክ ይልቅ በስካነር ቢሆን ይመረጣል። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ እንዳይዞርበት ብቻ ይንገሩልኝ፤ በእጥፋቱ መስመር ላይ ያለው ጽሑፍ ገና ካሁኑ መላላጥ ጀምሯል። አዲሱ ምስል እንደደረሰኝ [አይታይም] እና [?] ያልኳቸውን ሁለት ቦታዎች ብቻ አይቼ እመልሳለሁ። ለዚያ ተጨማሪ ሒሳብ የለውም።

አክባሪዎ
ሰላማዊት
አዲስ አበባ