ለዶሮ እርባታ የሚሆን ቦታ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የጻፍኩልዎት ከጓሮው በላይ፣ አጥሩ ጥግ ጦም ያደረችውን ቦታ ለሁለት ዓመት ዶሮ እንዳረባባት እንዲፈቅዱልኝ ለመለመን ነው። 10 ሜትር በ12 ሜትር ይበቃኛል። የታችኛው ሰፊ ቢሆንም ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ጉዝጓዝ ከረጠበ ደግሞ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ይራባበታል።

የምጀምረው በ100 ቄብ ነው። ቤቱ 4 ሜትር በ6 ሜትር፣ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሆን ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም። ግድግዳው ከሥር 60 ሴንቲ ሜትር ጭቃ፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ ነው፤ ሌሊት በጆንያ ይጋረዳል። ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን የኩሱ ጋዝ ታፍኖ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል። ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጭድ ይነጠፋል፤ ለአምስት ዶሮ አንድ፣ በጠቅላላው 20 መጣያ ሣጥን ይሠራል።

የአንድ ቀን ጫጩት ርካሽ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ሌት ተቀን ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ ተደራርቦ ያልቃል። ስለዚህ ውድ ቢሆንም የሦስት ወር ቄብ እገዛለሁ። በአምስት ወር ገደማ መጣል ይጀምራሉ። ገንዘቡን የሚበላው መኖው ነው፦ ለአንዷ በቀን 120 ግራም፣ ለመቶው 12 ኪሎ፣ በወር 360 ኪሎ። ውሃ በቀን 25 ሊትር፣ በሙቀት ወቅት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ከጉድጓዱ እንድቀዳም ፈቃድዎን እሻለሁ። ወረቀት ላይ በቀን 90 እንቁላል ይባላል፣ እኔ ግን በ70 ነው ያሰላሁት።

የሚከብደኝ ልመና የእትዬን ዶሮዎች የሚመለከት ነው። ፈንግል ከገባ የእነሱንም የእኔንም አይምርም። ስለዚህ የእነሱንም በየሦስት ወሩ አብሬ በራሴ ወጪ አስከትባለሁ፤ ወደ ቤቱ ግን እንዳይጠጉ አጥራለሁ። ሽታው እንዳያስቸግራችሁ ከመኖሪያ ቤቱ 20 ሜትር አርቄ፣ ነፋስ ወደ እናንተ በማይነፍስበት በኩል እሠራዋለሁ።

መሬቱ የእርስዎ ነው። ሁለት ምስክር ባለበት በወረቀት እንዋዋል፤ ጊዜው ሲያልቅ እንጨቱንም ቆርቆሮውንም ነቅዬ እወስዳለሁ። ኪራይ ካሉኝ እንቁላል ከተጀመረ በኋላ ይሁንልኝ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ወራት ወጪ ብቻ ናቸው። ኩሱ በሙሉ ለእርሻዎ ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፤ ሦስት አራት ወር ከምሬና አብስዬ ነው የማስረክብዎት።

የሚመጣው ቅዳሜ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ቅር የሚልዎት ነገር ካለ እንጨት ከመግዛቴ በፊት ይላኩብኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ